ምክር በምን በኩል ምርትን እንደሚያበዛ፥ በየትኛውም አፈር እንደሚያበዛ ለይቶ ስለ ማስላት

ከየወረዳው የሚመጣውን የምርት መዝገብ የሚመረምር ሹም ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው፥ የእርሻ መምህሩ ምክር ምርቱን ያበዛው በምን በኩል አልፎ ነው የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው በየትኛው አፈር ላይ አብልጦ ሠራ የሚል ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ባሮንና ኬኒ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሁለቱን ልዩነት በጽሑፍ ካስረዱ ወዲህ እንኳ መደባለቁ ፈጽሞ አልቀረም።

ነገሩ እንዲገለጽ የስንዴ ገበሬዎችን እናስብ፤ ቍጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተደረጉ ናቸው። ምክር የተሰጣቸው ገበሬዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ በሄክታር 50 ኪሎ ማዳበሪያ አብልጠው ጨመሩ፤ 4 ኩንታልም አብልጠው አገኙ። ምክሩንና ማዳበሪያውን በአንድነት አግብተን የምርቱን ሪግሬሽን ብናሰላ፥ ማዳበሪያው እኩል ሲሆን የምክሩ ድርሻ 1 ኩንታል፥ ምክሩ እኩል ሲሆን የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ድርሻ 3 ኩንታል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከ4ቱ 3ቱ የመጡት በማዳበሪያው በኩል ነው ማለት ነው። ማዳበሪያው አሸጋጋሪ ምክንያት ይባላል፤ ከምክሩ በኋላ፥ ከምርቱም በፊት ይቆማልና።

አፈሩ ግን በምክር አልመጣም፤ አስቀድሞም ነበረ። የእርሱ ሥራ የማዳበሪያውን ኃይል መለወጥ ነው። ውኃ በማይተኛበት ቀይ አፈር 50 ኪሎው 5 ኩንታል ቢጨምር፥ ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ሥሩ አየር ያጣል፥ ናይትሮጅኑም ይባክናልና 1 ኩንታል ብቻ ይጨምር። ማሳዎቹ እኩል በእኩል ስለሆኑ አማካዩ ያው 3 ነው። ይህን ለማየት ዋልካውን 1፥ ቀዩን 0 ብለን ከማዳበሪያው ጋራ እናባዛለን፤ ብዜቱንም ከሁለቱ ጋራ እናገባለን። የብዜቱ ድርሻ ለ50 ኪሎ ከዜሮ በታች 4 ኩንታል ይሆናል፤ የመስመሩ ዳገት በዋልካ ይህን ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን አፈር ለየብቻ አስልተው፥ በቀዩ ውጤቱ ተረጋገጠ፥ በዋልካው አልተረጋገጠም፥ ስለዚህ ይለያያሉ ይላሉ። ነገር ግን የተለኩት የዋልካ ማሳዎች ጥቂት ከሆኑ፥ ኃይሉ እኩል ቢሆንም እንኳ ላይረጋገጥ ይችላል። መታየት ያለበት የብዜቱ ድርሻና የስሕተቱ ወሰን ነው።

የአሸጋጋሪው ችግር ከዚህ ይብሳል። ምክሩ በዕጣ ቢሰጥ እንኳ ማዳበሪያውን የመረጠው ገበሬው ራሱ ነው። ጥንድ በሬ ያለው በጊዜው ያርሳል፥ ማዳበሪያም ይገዛል፤ የበሬው ፍሬ ለማዳበሪያው ተቈጥሮ 3ቱ ኩንታል ከልኩ በላይ ሊሆን ይችላል። የበሬውንና የዘሩን ቀን መዝግቦ ወደ ስሌቱ ሲያገቡ 3ቱ ቢወርድ ጥርጣሬው እውነት ነበረ፤ ያልተመዘገበው ግን እንደ ተሰወረ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መምህሩ በዋልካ ላይ ማጠንፈፊያ ቦይ ማውጣትን ካስተማረ፥ ቦዩ ከምክሩ የመጣ ስለሆነ አሸጋጋሪ፥ የማዳበሪያውንም ኃይል ስለሚያነሣ ለዋጭ ይሆናል። መዝገቡ የቦይ ዓምድ ከሌለው የደረቀውንና የረጠበውን ዋልካ በአንድ ስም ይጽፋቸዋል፤ በዚያ መዝገብም የትኛው እንደ ሠራ መለየት አይቻልም።