ከ33 ባይት ወደ 4፦ የሃፍማን ዛፍ ጽሑፍን እንዴት ያሳጥራል?

«ካሳ ሲሳሳ ሳራ ራራች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቶሎ ቶሎ ለማለት ሞክሩ። ምላስን የሚያሰናክለው የ«ሳ» እና የ«ራ» መደጋገም ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍን አሳጥሮ እንዲያስቀምጥ የሚያስችለውም ይኸው መደጋገም ነው።

ኮምፒውተር የሚያውቀው 0 እና 1ን ብቻ ነው። አንዷ 0 ወይም 1 ቢት ትባላለች፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ዛሬ በስልካችንም ሆነ በኮምፒውተራችን ጽሑፍ በአብዛኛው የሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አሠራር ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት፣ ለክፍት ቦታ ደግሞ አንድ ባይት ይሰጣል። ዓረፍተ ነገራችን አሥር ፊደላትና ሦስት ክፍት ቦታዎች ስላሉት 33 ባይት ወይም 264 ቢት ይወስዳል። አራት ጊዜ የመጣው «ሳ» እና አንድ ጊዜ ብቻ የመጣው «ች» እኩል 24 ቢት ይይዛሉ። ብክነቱ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉት የተለያዩ ምልክቶች ክፍት ቦታውን ጨምሮ ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስት ነገሮችን ለመለየት ሦስት ሦስት ቢት ይበቃል፤ 13ቱ ምልክቶች በ39 ቢት ያልቃሉ ማለት ነው። ከዚህ በታች መውረድ የሚቻለው ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ምልክት አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረዘም ያለ ኮድ በመስጠት ነው። ችግሩ ኮዶቹ ተቀጣጥለው ሲጻፉ አንዱ ከሌላው የት ላይ እንደሚለይ አለመታወቁ ነው። ለ«ሳ» 0፣ ለ«ራ» 1፣ ለክፍት ቦታ 01 ብንሰጥ፣ 01 ያገኘ አንባቢ «ሳራ» ይበል ወይስ ባዶ ቦታ ይተው? በመሃል መለያ እንዳናስገባ ከ0 እና ከ1 በቀር ሌላ ምልክት የለንም። ስለዚህ የማንኛውም ምልክት ኮድ የሌላው ምልክት ኮድ መጀመሪያ መሆን የለበትም። ይህን ሕግ ጠብቆ ከሁሉም አጭሩን ኮድ ማግኘት ነው ሰዎችን ያስቸገረው።

በ1951 በአሜሪካው ኤምአይቲ ሮበርት ፋኖ የተባሉ መምህር ለተማሪዎቻቸው ምርጫ ሰጡ፤ ወይ የማጠቃለያ ፈተና መቀመጥ፣ ወይ በዚህ ጥያቄ ላይ ጽሑፍ ማቅረብ። ራሳቸው ፋኖም ሆኑ የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ አባት የሚባሉት ክሎድ ሻነን የተሟላ መልስ እንዳላገኙለት ግን አልነገሯቸውም። ዴቪድ ሃፍማን የተባለ ተማሪ ጽሑፉን መረጠ። ለወራት ታግሎ አልሆን ሲለው ማስታወሻውን ጥሎ ለፈተናው ሊያጠና በተነሣበት ሰዓት መልሱ መጣለት። ፋኖ ምልክቶቹን ከላይ ጀምረው ለሁለት እየከፈሉ ይወርዱ ነበር፤ ሃፍማን ግን ከታች፣ ከብርቅዬዎቹ ምልክቶች ጀመረ። ሥራው በ1952 ታተመ።

ለምን ከታች? አጭር ኮድ ማን ይገባዋል ብሎ መጀመር ከባድ ነው፤ መልሱ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ይንጠለጠላልና። ረጅሙን ኮድ ማን ይውሰድ ለሚለው ግን መልሱ ግልጽ ነው። እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚመጡት ሁለት ምልክቶች ረጅሙን ኮድ ቢወስዱ ምንም አይጎዳም። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ እንደ አንድ ምልክት መቁጠርና ያንኑ ሥራ እንደገና መድገም ነው።

በእኛ ዓረፍተ ነገር እንየው። ቆጠራው እንዲህ ነው፦ «ሳ» 4፣ «ራ» 3፣ ክፍት ቦታ 3፣ «ካ» 1፣ «ሲ» 1፣ «ች» 1። መጀመሪያ «ካ» እና «ሲ»ን እናጣምራለን፤ ጥንዱ 2 ይሆናል። አሁን ከሁሉም ትንሾቹ «ች» (1) እና ይህ ጥንድ (2) ናቸው፤ ሲጣመሩ 3 ይሆናሉ። በእጃችን የቀሩት «ሳ» 4፣ «ራ» 3፣ ክፍት ቦታ 3 እና ባለ 3 ቡድናችን ናቸው። ሦስቱ እኩል ስለሆኑ የትኞቹን ሁለት ብንወስድ ለርዝመቱ ለውጥ የለውም፤ «ራ» እና ክፍት ቦታን እንውሰድ፣ 6። ከዚያ ባለ 3 ቡድኑን ከ«ሳ» ጋር፣ 7። በመጨረሻ 6 እና 7 ተገናኝተው 13 ይሆናሉ፤ ይህ የዛፉ ሥር ነው። ቁጥሩ ከጽሑፉ ርዝመት ጋር እኩል ካልመጣ አንድ ቦታ ላይ ቆጠራ ስተናል ማለት ነው።

ዛፉን ተገልብጦ አስቡት፤ ሥሩ ላይ፣ ቅጠሎቹ ታች ናቸው። ከሥሩ ተነሥተን በግራ በወረድን ቁጥር 0፣ በቀኝ በወረድን ቁጥር 1 እንጽፋለን፤ በየመገንጠያው ትንሹን ቁጥር በግራ ማድረግንም ደንብ እናድርግ። ቅጠሉ ላይ ስንደርስ የጻፍነው የዚያ ምልክት ኮድ ነው፦

```
ራ    00
ክፍት  01
ሳ    11
ች    100
ካ    1010
ሲ    1011
```

ምልክቶቹ ሁሉ ቅጠል ላይ ስለተቀመጡ፣ ወደ አንዱ ስንወርድ በመንገድ ላይ ሌላ ምልክት አናገኝም። አንዱ ኮድ የሌላው መጀመሪያ እንዳይሆን የሚጠብቀው ይኸው የዛፉ ቅርጽ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረን በየኮዱ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

```
1010110110111111011100010000100
```

31 ቢት ነው። ሻነን በቀመሩ ባሳየው መሠረት፣ እነዚህን ምልክቶች በዚህ ድግግሞሽ አንድ በአንድ ለመጻፍ የሚቻለው ዝቅተኛ ልክ 30.6 ቢት ገደማ ነው፤ ቢት ደግሞ አይከፈልም። ከዚህ የተሻለ የለም ማለት ነው።

ለመፍታት ጣታችሁን ሥሩ ላይ አድርጉና ቢቶቹን ተከተሉ። 1፣ 0፣ 1፣ 0 ብላችሁ ስትወርዱ «ካ» ላይ ትደርሳላችሁ፤ ወደ ሥሩ ተመለሱ። 1፣ 1፣ «ሳ»። 0፣ 1፣ ክፍት ቦታ። መለያ ሳይኖር «ካሳ» ተነበበ።

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ቢቶቹን ወደ ፋይል ሲያወጡ ነው። 0 እና 1ን እንደ ፊደል ከጻፏቸው እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ባይት ይይዛሉ፤ ፋይሉ 31 ባይት ይሆንና ከ33ቱ ሁለት ባይት ብቻ ይተርፋል። ስህተቱ የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ የፋይሉ መጠን በባይት ሲታይ ከቢቶቹ ብዛት ጋር እኩል ይመጣል። ቢቶቹ ስምንት ስምንት ሆነው በባይት ውስጥ መታሸግ አለባቸው። 31 ቢት አራት ባይት ውስጥ ሲገባ አንድ ቢት ባዶ ይቀራል፤ በ0 ይሞላል። እዚህ አንድ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ባዶዎቹ ሁለት ቢሆኑ ግን 00 «ራ» ነውና መጨረሻ ላይ ማንም ያልጻፈው «ራ» ይጨመር ነበር። ስለዚህ የምልክቶቹ ብዛት አብሮ ይጻፋል፤ ወይም ማለቂያውን የሚያመለክት ራሱን የቻለ ምልክት ዛፉ ውስጥ ይገባል።

ፈቺው ዛፉንም ማወቅ አለበት፤ ያለ ዛፍ 31ዱ ቢት ትርጉም የለውም። ስድስቱን ምልክቶች ብቻ ለመዘርዘር 16 ባይት ያስፈልጋል፤ ለዚህች አጭር ጽሑፍ ከኮዱ አራት እጥፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ መጽሐፍ ሲያክል ግን ዝርዝሩ ባለበት ይቆምና ክብደቱ ከቁጥር አይገባም። እኩል ድግግሞሽ ያላቸው ምልክቶች ሲያጋጥሙም አሻጊውና ፈቺው የተለያየ ጥንድ ከመረጡ ዛፋቸው ይለያያል፤ የሚወጣው ጽሑፍም ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዚፕን የመሳሰሉ አሠራሮች ይህን የሚያመልጡት የየኮዱን ርዝመት ብቻ ልከው ኮዶቹን ሁለቱም ወገን በአንድ ቋሚ ደንብ እንዲያወጡ በማድረግ ነው።

አንድ ቢት ቢበላሽስ? የመጀመሪያውን 1 ወደ 0 ለውጡት። 1010 እና 11 የነበሩት ቢቶች አሁን 00 እና 1011 ተብለው ይነበባሉ፤ «ካሳ» የነበረው «ራሲ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ዕድል ሆኖ መስመሩን ይይዛል። ሁልጊዜ እንዲህ ቶሎ ይስተካከላል ማለት ግን አይደለም፤ ኮዶቹ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ስህተቱ ብዙ ፊደላትን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል።

እስካሁን የቆጠርነው ፊደልን ነው። የተለመዱት ማሳጠሪያ ፕሮግራሞች ግን የሚቆጥሩት ባይትን ነው፤ ይህ ለአማርኛ ቀላል ልዩነት አይደለም። «ሳ» በዩቲኤፍ-8 `E1 88 B3` ነው፣ «ራ» `E1 88 AB`፣ «ካ» ደግሞ `E1 8A AB`። ሁሉም በ`E1` ይጀምራሉ። ይህች ባይት ምንም አዲስ ነገር አትናገርም፤ ሃፍማን ግን ለማንኛውም ምልክት ከአንድ ቢት በታች መስጠት አይችልምና በየፊደሉ ይከፈልባታል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በባይት ቆጥረን ዛፉን ብንሠራ 31 የነበረው 89 ቢት ይሆናል። ዘዴው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንደ አንድ ምልክት የቆጠርነው ነገር ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ቆጠራውን በፊደል ቢያደርገው የሚያተርፈው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ወሰን የመደጋገምን ትርጉም ይመለከታል። ዓረፍተ ነገሩን ሺህ ጊዜ አያይዘን ብንጽፈው ዋናው 33,000 ባይት ይሆናል። የምልክቶቹ ድርሻ ስላልተለወጠ ዛፉ ያው ነው፣ ውጤቱም 31,000 ቢት ወይም 3,875 ባይት ነው። ሃፍማን ምልክት ስንት ጊዜ እንደመጣ እንጂ በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ አያይም፤ እኛ በአንድ እይታ የምናየው «ያው ነው፣ ሺህ ጊዜ» የሚለው ነገር ለእሱ የለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ የተባሉ እስራኤላውያን በ1977 ያወጡት ዘዴ ነው። ጽሑፉ ከዚህ በፊት የመጣ ከሆነ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመለስ፣ ይህን ያህል ቅዳ» የሚል መጠቆሚያ ይተካበታል።

ዚፕ፣ ጂዚፕ እና የፒኤንጂ ሥዕሎች የሚጠቀሙበት ዲፍሌት የተባለው አሠራር ሁለቱን ያቀናጃል። አንድ መጠቆሚያ ቢበዛ 258 ባይት ይቀዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ በኋላ የቀረው 999 ድግግሞሽ በ128 መጠቆሚያ ያልቃል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ 33 ባይት ወደ ኋላ፣ 258 ባይት ቅዳ። እነዚህ መጠቆሚያዎች ደግሞ በተራቸው ምልክት ሆነው ወደ ሃፍማን ዛፍ ይገባሉ፤ ተደጋግመው የሚመጡት እነሱ ስለሆኑም አጭሩን ኮድ የሚወስዱት እነሱ ናቸው።