ፊርማ የማይጠይቅ የንባብ መከታተያ ካርድ



ዛሬ የምናገረው ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ስለሚዘጋጅ የንባብ መከታተያ ካርድ ነው። የተለመደው ካርድ ከወላጅ የሚጠይቀው የመጽሐፉን ርዕስና ፊርማ ነው። እናት ማንበብ ካልቻለች ርዕሱን ልጁ ራሱ ይሞላል፤ ብዙውን ጊዜ ፊርማውንም። ካርዱ ሞልቶ ሲመለስ የሚነግረን የልጁን ንባብ ሳይሆን ቅጽ የመሙላት ችሎታውን ነው።

ችግሩ ግን ከካርዱ እንጂ ከእናቲቱ አይደለም። በለንደን ሃሪንጌይ የተካሄደውና በ1982 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ልጆች መጽሐፍ ወደ ቤት ወስደው ለወላጆቻቸው ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አድርጎ ነበር። ከወላጆቹ አንዳንዶቹ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ እንዲያውም መናገር አይችሉም ነበር። ሆኖም የልጆቹ ንባብ በትምህርት ቤት ከተጨማሪ መምህር ጋር በትንንሽ ቡድን ካነበቡት ልጆች ይበልጥ ተሻሻለ። እንግዲህ ወላጅ ሳያነብ ምን ሊመሰክር ይችላል?

በእምድብር አንዲት እናትን እናስብ። ቤት ውስጥ የምትናገረው ጉራጊኛ ነው፤ ልጇ አማርኛ ያነባል። እናት ፊደል ባታውቅም ቅርጽ ለይታ ታያለች። ስለዚህ መምህሩ በገጹ ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ሰማ»ን፣ በሁለቱም ቦታ ያሰምርበታል። ማታ ልጁ ገጹን ያነባል፤ ከዚያ እናት መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይታ ሁለተኛውን በጣቷ ታመለክታለች። ድምፁ አንድ ከሆነ በካርዱ ላይ አንድ ሰረዝ፣ ከተለያየ ሁለት ሰረዝ ታሰምራለች። ገጹን በቃሉ አጥንቶ የሚወርደው ልጅ፣ ከመካከል ቃል ሲመረጥበት በዚህ ይታወቃል።

ዘዴው በአማርኛ ጽሑፍ አንድ ጥንቃቄ ይሻል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይገልጻል። እንዲህ ያለ ቃል ከተመረጠ ትክክል ያነበበ ልጅ ሁለት ሰረዝ ያገኛል። «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» ደግሞ በቅርጽ ተለያይተው በድምፅ አንድ ስለሆኑ ለዚህ አይመረጡም። የቃል መረጣው የመምህሩ ሥራ ነው፤ ለእናት የሚተው አይደለም።

የካርዱ ወሰንም ይታወቅ። የሚመሰክረው ወጥነትን እንጂ ትክክለኛነትን አይደለም። ልጁ ሁለቱንም ጊዜ «ሰማ»ን «ለማ» ብሎ ቢያነብ እናት አንድ ሰረዝ ታሰምራለች። ስለዚህ መምህሩ ሰኞ ጠዋት የተሰመረባቸውን ቃላት አስነብቦ ከካርዱ ጋር ያስተያያል። ካርዱ አንድ ሰረዝ ይዞ ልጁ ከተሳሳተ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ለ እና ሰ ያሉ ተመሳሳይ ፊደላት መምታታት ነው፤ እርሱም በክፍል ውስጥ ይታረማል። ይልቅ የሚያጠራጥረኝ ለሳምንታት ሁለት ሰረዝ ፈጽሞ ያልታየበት ካርድ ነው። ገና በጀማሪ ደረጃ ላለ ልጅ ይህ እምብዛም አይሆንም፤ ሰረዙን ያሰመረው ልጁ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።