ጀሪካኑን መልስልኝ

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር። አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ጭነት ይዞ ወደ ጋላፊ የሚወጣ ሾፌር በር ላይ ትሸኛለች እንበል። ጀማሪ ደራሲ «አትሂድብኝ፣ እወድሃለሁ» ያሰኛታል። እንዲህ ቢሆንስ?

«ሌሊት ነው የምትነሳው?»
«ጭነቱ ካለቀ።»
«ውሃ ቀድቼልሃለሁ። ጀሪካኑን ግን መልስልኝ፤ የቤቱ ነው።»
«እሺ፣ እመልሳለሁ።»

ፍቅር የሚል ቃል የለም፤ «ተመለስ» የሚለው ግን ጀሪካኑ ውስጥ ተደብቋል። ይህ እንዲሠራ አንባቢው ሴትየዋ ማንም አያውቅም ብላ የምታስበውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፦ ጠዋት ጀሪካኑን በራሷ ገንዘብ ስትገዛ አንባቢው አይቷታል። «የቤቱ ነው» ያለችው ውሸቷን ነው፤ ስሜቷም የሚታየው በዚያች ውሸት ነው። ያ የግዢ ትዕይንት ከሌለ ንግግሩ ስለ ዕቃ ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ሾፌሩ «ታስቢልኛለሽ ማለት ነው?» ካለ ምስጢሩ ወጣ። «እመልሳለሁ» ብሎ ይሂድ። (አማርኛም ያግዛል፦ እስከ ትናንት «እርስዎ» ስትለው ከነበረ፣ ያቺ «የምትነሳው» ብቻዋን ብዙ ታወራለች።)