ጠባብ የጠጉር ቤት ብዙ ሰው የሚያስተናግድበት አደራደር

(በሬዲዮ የተነገረ)



ከመሥሪያ ቤቷ በምሳ ሰዓት ወጥታ፥ ጠጉሯን ታጥባና አሠርታ በጊዜው ወደ ሥራዋ ለመመለስ ያሰበች ወይዘሮ፥ ጠጉሯ በቢጉዲን እንደ ተጠቀለለ በመስተዋት ፊት ተቀምጣ ሰዓቷን ደጋግማ ስትመለከት ያላየ የለም። እጅ አጥሮ ወይም ባለሙያዋ ሰንፋ ላይሆን ይችላል። ወይዘሮዋ የምትጠብቀው የጠጉር ማድረቂያውን ቆብ፥ ማለት ባለሙያዎቹ ካስክ የሚሉትን መሣሪያ ነው። ካስኩ በሌላ ሰው ተይዟል፤ እርሷም እስኪለቀቅ ድረስ የመስተዋቱን ወንበር ይዛለች፤ በበሩ አጠገብ ያለችው ሦስተኛይቱም የእርሷን ወንበር ትጠብቃለች። የቤቱ ባለቤት ግን ይህን መጨናነቅ ባየች ቁጥር የሚታያት አንድ ወንበር መጨመር ነው። ዛሬ የምንናገረው ይህ አሳብ ስለምን እንደማይጠቅም ነው።

በጎንደር ፒያሳና በአካባቢው፥ ጣልያን ከተማዋን ይዞ በቆየበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ በየክፍሉ ለንግድ ይሠራባቸዋል። ግድግዳቸው ወፍራም ስለ ሆነ አፍርሶ ማስፋት አይሞከርም፤ ተከራዩ ያለው ያችው ክፍል ብቻ ናት። ስለዚህ ለምሳሌ ያህል ወደ መንገዱ ያለው ወርዷ 3 ሜትር ተኩል፥ ወደ ውስጥ ጥልቀቷ 5 ሜትር የሆነች፥ በሩ መካከል ላይ፥ መስኮቱ በበሩ ቀኝ ያለች አንዲት ክፍል እናስብ። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሁለት ሁለት መስተዋት፥ በጠቅላላው አራት ወንበር፤ በስተኋላ አንድ የራስ መታጠቢያ፤ በበሩ አጠገብ ሁለት ካስክ አለባት። ሦስት ባለሙያዎችና አንዲት ጠጉር አጣቢ ይሠሩባታል።

አሁን ሥራውን በደቂቃ እንከፋፍለው። መታጠቡ 15 ደቂቃ፥ በቢጉዲን መጠቅለሉ 30፥ ካስክ ውስጥ መቀመጡ 60፥ ከዚያ ወጥቶ መበጠሩና መስተካከሉ 20 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። አንዱ መታጠቢያ በሰዓት አራት ሰው ያሳልፋል። እያንዳንዷ እንግዳ የመስተዋቱን ወንበር የምትይዘው ለ50 ደቂቃ ስለ ሆነ፥ አራቱ ወንበሮች በሰዓት ወደ አምስት የሚጠጋ ሰው ሊያስተናግዱ ይችሉ ነበር። ሁለቱ ካስኮች ግን በሰዓት ከሁለት ሰው በላይ አያደርቁም። እንግዲህ የቤቱ ልክ ሁለት ነው ማለት ነው፤ አምስተኛ ወንበር ቢገባም ሁለት፥ ስድስተኛም ቢገባ ያው ሁለት ነው። የሚጨምረው ወንበር ከመጠበቂያነት አያልፍም።

ከዚህም ሌላ የቦታው ነገር አለ። አንድ ሰው በመስተዋት ፊት ሲቀመጥና ባለሙያዋ ከኋላው ስትቆም፥ ከግድግዳው ጀምሮ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይወስዳሉ። ወንበሮቹ በሁለቱም ግድግዳ ቢደረደሩ 3 ሜትር ይሄድና ለመተላለፊያ የሚተርፈው 50 ሳንቲም ሜትር ብቻ ይሆናል። ውኃ ይዞ የሚያልፍ ሰው የሠራተኛዋን ክርን ሳይነካ አያልፍም፤ በእጇ ያለው ደግሞ የጋለ ብረት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንዱን ወንበር አውጥተን ሁለት ካስክ እንጨምር። ሦስቱ የመስተዋት ወንበሮች ሁሉ ከኋለኛው ግድግዳ ጀምሮ በቀኝ በኩል ይደርደሩ፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከ30 ቢሰጠው 4 ሜትር አይሞላም። በፊታቸው፥ ከበሩ ቀጥታ ወደ ውስጥ የሚያስገባ 90 ሳንቲም ሜትር መተላለፊያ ባዶ ይተው። በግራ በኩል የሚቀረው 1 ሜትር ከ10 ለመስተዋት ሥራ አይበቃም፤ እግሯን ዘርግታ ካስክ ውስጥ ለምትቀመጥ እንግዳ ግን ይበቃል። አራቱ ካስኮች እዚያ፥ መታጠቢያው በግራው ማዕዘን በስተኋላ፥ የገንዘብ መቀበያውና ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር በበሩ ግራ ይሁኑ። አጣቢዋ መተላለፊያው በሚያበቃበት ስፍራ ስለምትቆም የማንንም መንገድ አትዘጋም። እንግዳዋም ከመታጠቢያው ወደ ወንበሩ፥ ከወንበሩ ዞር ብላ ወደ ካስኩ፥ ከካስኩም ተመልሳ ወደ ወንበሩ ትሄዳለች፤ ርጥብ ራሷን ይዛ ክፍሉን አታቋርጥም።

በዚህ አደራደር ካስኮቹ በሰዓት አራት፥ ወንበሮቹ ሦስት ተኩል ያህል ሰው ያሳልፋሉ። በስምንት ሰዓት ሥራ አስቀድሞ 16 ሰው ይስተናገድ የነበረው አሁን በስሌቱ 28 ይደርሳል ማለት ነው። በእርግጥ የሠራተኞቹ ምሳና የመብራቱ መጥፋት ከዚህ ይቀንሳሉ። ጥቅጥቅና ረጅም ጠጉር ካስክ ውስጥ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ጥበቱ ተመልሶ ወደ ካስኩ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቲቱ የኔን ቁጥር ትታ የራሷን ቤት ትመልከት። የምትመለከተውም በሥራ በሚበዛበት ቅዳሜ የሚጠብቁት ሰዎች የት እንደ ተቀመጡ ነው። ቢጉዲን እንደ ተጠቀለሉ በመስተዋት ፊት ከተቀመጡ የጎደለው ካስክ ነው፤ ፎጣ እንደ ተጠመጠሙ ከቆሙ ወንበር ወይም ሠራተኛ ነው፤ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ሰው በአግዳሚው ላይ ጠጉሩ ደርቆ ከተቀመጠ መታጠቢያው ነው።

ሹሩባን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ጎንደር ላይ የጥምቀት ሰሞን የሹሩባ ሥራ ይበዛል፤ ቀጭን ሹሩባም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሹሩባ ተሠሪዋ ግን ሥራው እስኪያልቅ መስተዋት አያስፈልጋትም፤ ጥንትም ቢሆን እናቶቻችን የሚሠሩት ተሠሪዋን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ነው። ይህችን እንግዳ በመስተዋት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሦስት አራት ሰው መመለስ ይሆናል። በቀኝ በኩል በመስኮቱ ሥር የቀረችው 1 ሜትር ስፍራ ለሁለት በርጩማ ትበቃለች፤ ብርሃኑም ፈትል ለመክፈል ይመቻል። ከመንገድ ላለመታየት የመስኮቱን ታችኛ ግማሽ በስስ መጋረጃ መጋረድ ነው።

ውኃን በተመለከተ፥ ከአንገረብ ግድብም ሆነ ከሌላ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፥ ቧንቧው በደረቀ ሰዓት አጣቢዋ ባልዲ ይዛ ስትመላለስ መተላለፊያው ሁሉ ይበላሻል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በጓሮ በብረት መቆሚያ ላይ ከመታጠቢያው ከፍ ብሎ ቢቆም፥ ለአንድ ራስ 15 ሊትር ቢታሰብ 13 ሰው ያጥባል። በርሜሉ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የእንጨት መደርደሪያ አያምኑትም።

የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ካስክ 1000 ዋት ያህል ቢስብ አራቱ 4000 ዋት ይሆናሉ፤ ይህም በ220 ቮልት 18 አምፔር ነው። ተራው ሶኬት የሚችለው እስከ 16 ስለ ሆነ፥ በአንድ ማራዘሚያ ገመድ አራቱን ማያያዝ እሳት መጥራት ነው። ባለሙያ ጠርቶ ቢያንስ ሁለት መስመር ማስዘርጋት ያስፈልጋል። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ሌላው ካስክ ሲበራ መብራቱ ከደበዘዘ መስመሩ እንዳልቻለ ይታወቃል።

ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ለሚሠሩት ደግሞ ብርዱ የራሱን ደንብ ይጨምራል። በሩ ስለሚዘጋ፥ ለቡና ተብሎ የከሰል ምድጃ ውስጥ የማስቀመጥ ልማድ አለ፤ የከሰል ጢስ በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ቡናው በጓሮ ይፈላ።

ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት የቆየ ጋዜጣ በየዕቃው ልክ እየቆረጣችሁ ወለሉ ላይ አንጥፉ። ለወንበሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለምትቆመው ሠራተኛም ቁረጡ። ከዚያም አንዲት ሠራተኛ ባልዲ ይዛ ከበሩ እስከ መታጠቢያው ትሂድ፤ ጋዜጣውን ከረገጠች አንዱ ዕቃ ከስፍራው ይነሣ።