አሥራ አንድ ፊደል ላይ የሚያልቅ ርዕስ

የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ነው። ርዕሱ በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መስመር አሥራ አንድ ፊደል ብቻ ያስገባል እንበል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። የተፈቀደው ሦስት መስመር ነው።

ከሪፖርተሩ የመጣው ርዕስ እንዲህ ይላል፦ «በሕገወጥ መንገድ ሲዘዋወር የነበረ ስኳር በቁጥጥር ስር ዋለ»። አርታኢው ሲደረድረው «በሕገወጥ መንገድ» አሥር፣ «ሲዘዋወር የነበረ» አሥር፣ «ስኳር በቁጥጥር» ዘጠኝ ይሆናል። «ስር ዋለ» አራተኛ መስመር ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ።

መድኃኒቱ «ተያዘ» ነው። አሥራ አንድ ቦታ የሚበላውን «በቁጥጥር ስር ዋለ» በሦስት ፊደል ይተካዋል። የአማርኛ ርዕስ የሚወፍረው ብዙ ጊዜ በረጅም ቃል ሳይሆን በእንዲህ ያለ የቢሮ ሐረግ ነው። «ውይይት አካሄዱ» ዘጠኝ፣ «ተወያዩ» አራት፣ «መከሩ» ሦስት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አርታኢ ግን ሌላ ቃል መፈለግ ይኖርበታል፤ አሥራ ሦስት ፊደል ያለውን «ኢንቨስቲጌሽን» ትቶ በአምስት ፊደል «ፕሮብ» ይላል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን እንኳ ጋዜጦች በሦስት ፊደል «አይክ» ብለዋቸዋል።

ርዕሱ ወደ ሁለት መስመር ይውረድ ከተባለስ? «የኮንትሮባንድ / ስኳር ተያዘ» ልክ ይገባል። ነገር ግን ስኳሩ ድንበር ካልተሻገረ፣ መጋዘን ውስጥ ከተገኘ፣ ቃሉ ሐሰት ይሆናል። ያኔ «የተደበቀ ስኳር / ተያዘ» ይሻላል። አጭሩ ቃል ሁሉ ተመሳሳይ አይደለም፤ «ታሰረ» ለብዙ አንባቢ ከ«ተያዘ» የከበደ ነው፣ «ተፈረደበት» ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው ቁጠባ «ተጠርጣሪ»ን መጣል ነው። «ዘራፊ ተያዘ» በሰባት ፊደል ፍርድ ቤት ያልሰጠውን ፍርድ ይሰጣል። የሚገርመው፣ «የዝርፊያ ተጠርጣሪ» ልክ አሥራ አንድ ነው፤ «ተያዘ»ን ከሥሩ ማስቀመጥ ብቻ ነው የቀረው። ቦታ አጣሁ የሚል አርታኢ አልቆጠረም ማለት ነው።

ሌላው ወጥመድ ፊደላችን ጥብቀትን አለማሳየቱ ነው። «ባንኩ ሊሸጥ ነው» ሲባል ባንኩ ሻጭ ነው ወይስ የሚሸጠው እሱ ራሱ? አንባቢ በሸ ላይ አጥብቆ ካነበበው ባንኩ ለገበያ ቀረበ፤ አላልቶ ካነበበው ደግሞ ባንኩ አንድ ነገር ሊሸጥ ነው። ሻጩ ባንኩ ከሆነ የሚሸጠው ነገር አይቆረጥም፦ «ባንኩ አክሲዮን / ሊሸጥ ነው»።

ፊደል መቁጠር ግን ግምት ብቻ ነው። ጠ፣ ጨ እና ሐ ሰፊ ናቸው፣ ነ እና ገ ቀጫጭን። አሥራ አንድ ፊደል ተቆጥሮ ሦስቱ ሰፋፊዎች ከሆኑ መጨረሻው ከዓምዱ ይወጣል። ዛሬ ይህ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ወዲያው ይታያል፤ ፈተናውም ከዚያው ይመጣል፦ ፊደሉን በጎን ጨቁኖ ማስገባት። ጎረቤት ርዕስ በመደበኛ ስፋቱ ሲቆም የተጨቆነው ከርቀት ይለያል፣ እግሮቹ ተጣብቀው ጠ እና ጨ ይምታታሉ። ከዚያ ይልቅ ወደ «ዋለ» ተመልሶ ሌላ ግሥ መፈለግ ይቀላል።