በወረቀት ያለ ግጥም ለሰሚ ጆሮ ስለሚዘጋጅበት መንገድ

በጅማ፤ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና ተፈልቶ እንግዳ በተሰበሰበበት ቤት፤ ግጥም ጽፎ የመጣ ሰው ያንብብ ይባላል። ግጥሙ መልካም ሆኖ ሳለ ሰሚው ግን «ምን አለ?» እያለ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ይታያል። ጥፋቱ የግጥሙ አይደለም፤ ለዓይን የተጻፈው ለጆሮ ሳይሰናዳ በመነበቡ ነው። አንባቢ ያልገባውን ስንኝ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየዋል፤ ሰሚ ግን ያመለጠውን መመለስ አይችልምና።

ነገሩ እንዲገለጥ ይህን ሁለት ስንኝ ለምሳሌ ጽፈናል።

ነጩን ለብሶ ቆመ፤ ቡናው እንደ ሙሽራ፤
ሦስት ቀን ሳይሞላው፤ ሊሄድ ወደ ሥራ።

ይህ የወል ቤት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም ሲኖረው በ6 እና በ6 ይከፈላል፤ በድምፅ የማይነሣው ሳድስ አይቈጠርም። ምስጢሩም የቡና አበባ በአንድነት ፈክቶ በ2 ወይም በ3 ቀን ረግፎ ፍሬ ወደ መያዝ ማለፉ ነው።

መጀመሪያ እስትንፋስን እንመልከት። በስንኙ መካከል ድምፅን ጥቂት ማሳረፍ እንጂ መተንፈስ አይገባም፤ የሚተነፈሰው በስንኙ መጨረሻ ነው። የአንዱ ስንኝ ነገር ወደ ሁለተኛው የሚሻገር ሲሆን ግን ሳይተነፍሱ ማለፍ፤ ነገሩ ሲያልቅ መተንፈስ ይገባል። ዕረፍቱ ሁሉ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ንባቡ የዳዊት ድገማ ይመስልና ሰሚው ያንቀላፋል።

ሁለተኛው መድገም ነው። አዝማሪ ስንኙን የሚደግመው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ምሳሌ ነጭ የለበሰው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው «ቡናው» ሲባል ነው፤ ስለዚህ ሰሚው የመጀመሪያውን ሐረግ በባዶ ይዞ ይቈያል። የፊተኛው ስንኝ ሁለት ጊዜ ሲባል ግን ሥዕሉ ይሞላለታል። የኋለኛው አይደገምም፤ ምስጢሩ ያለው በእርሱ ነውና ቢደገም ይደክማል። ረጅም ግጥም የሆነ እንደ ሆነ መክፈቻውንና ነገሩ የሚዞርበትን ስፍራ ብቻ መድገም ይበቃል።

ሦስተኛው አካሄድ ነው። «ሳይሞላው» ካሉ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፤ «ሊሄድ ወደ ሥራ» የሚለውን በዝግታ መናገር፤ ከዚያም ወዲያው ሌላ አለመቀጠል ይገባል። በዚህ አገር ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለ ሆነ፤ ከሌላ ስፍራ ይልቅ ቀስ ማለትና የግእዙን ቃል በታወቀ ቃል መለወጥ ያሻል። የተለወጠው ቃል ግን የቀለሙን ቍጥር እንዳያፈርስ እንደ ገና ይቈጠር።

ጊዜውንም መምረጥ ነው። ሙቀጫ ሲወቀጥ የሚነበብ ግጥም ይጠፋል፤ አቦሉ ተቀድቶ ሁሉም ሲኒውን ከያዘ በኋላ ይጀመር። ሰሚው በመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲኒውን ሳያነሣ ከቈየ፤ ግጥሙ ደርሶታል ማለት ነው።