አቦሉ የሚያባብለው የጠዋት ራስ ምታት

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ እና በሊሙ ገነት ራሱን እያመመው የሚነሳ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ጀበናው እስኪፈላ ይጠብቃል። አቦሉን ሲጠጣ ግንባሩን የያዘው ነገር ይላላል፣ ቶናው ሲከተል ዓይኑ ይገለጣል፣ «ሱሴ ነበር» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በነጋታውም እንደዚያው። በቡና አገር ይህን ማብራሪያ ሁሉም ስለሚቀበለው ማንም አይመረምረውም። ከጎኑ የምትተኛው ባለቤቱ ብትጠየቅ ግን ሌላ ነገር ትናገራለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ሲያንኮራፋ እንደሚያድር፣ ቀን ደግሞ ሰው እያዋራው እንደሚያንቀላፋ። የጠዋት ራስ ምታት፣ ከባድ ማንኮራፋትና የቀን እንቅልፍ፣ ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ስኒውን ትተን ሌሊቱን መመርመር አለብን። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት፣ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ሕመም የሚገለጠው እንዲህ ሆኖ ነውና።

የቡና ሱስ ራስ ምታት ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል፤ ሕክምናውም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ይህ ራስ ምታት የራሱ ሰዓት አለው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ቡና ካልተገኘ እየበረታ ይሄዳል፣ ከተገኘ ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በረካውን ጠጥቶ የተኛ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሳ ከመጨረሻው ስኒ የራቀው 10 ሰዓት ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ ሱሱ ቀደም ሊል ይችላል፣ ግን በአብዛኛው ገና አልደረሰም። የጅማ ሰው ልዩነቱን በየዓመቱ በረመዳን ያየዋል። በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት የብዙ ሰው ራስ የሚታመመው ከቀትር በኋላ ነው፤ ወደ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ይብሳል፣ ካፈጠሩ በኋላ ቡናው ሲደርስ ይተዋል። ሱስ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰዓት ቆጥሮ ይመጣል፣ እየጨመረ ይሄዳል። የስሊፕ አፕኒያው ራስ ምታት ግን ገና ዓይን ሲገለጥ እዚያው ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ የራስን ሁለት ወገን እንደ ጠባብ ቆብ ይጫናል፤ እንደ ማይግሬን አያቅለሸልሽም፣ ብርሃንም አያስጠላም። በወር ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት ይመላለሳል፣ በተነሱ በ4 ሰዓት ውስጥም ራሱ ይጠፋል።

«ታዲያ ቡናው ለምን ይሻለኛል?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። አንደኛው መልስ ራስ ምታቱ ያለ ቡናም መጥፋቱ አይቀርም ነበር የሚል ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ገንፍሎ እስኪሰክን ድረስ ጥሩ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ በዚህ መሃል ሰውየው ቆሞ እየተንቀሳቀሰ በደንብ ሲተነፍስ ቆይቷል። ሁለተኛው መልስ ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች የሚያጠብና እንቅልፍን የሚያባርር ንጥረ ነገር መሆኑ ነው። ራስ ምታቱ ከየትም ይምጣ ጥቂት ያስታግሰዋል። ስለዚህ በቡና መሻል የቡና ሱስ ማስረጃ አይሆንም። መለየት የሚፈልግ ሰው ለጥቂት ቀናት የጠዋቱን ቡና 3 ሰዓት ያህል ያዘግይና ይመልከት። ሕመሙ ሳይጠጣ እየለቀቀው ከሄደ ሱስ አይደለም፤ እየበረታ ከሄደ ሱስ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት የሚያንኮራፋ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል የሚለው ነው። ማንኮራፋት አየር በጠበበ ጉሮሮ ሲያልፍ ልል የሆነው ሥጋ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ መንገዱ ከመጥበብ አልፎ ጨርሶ ይዘጋል። ይህን ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ማየት ይቻላል። ማንኮራፋቱ እየጨመረ ይመጣና ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱና ሆዱ ለመተንፈስ ይታገላሉ፣ ከአፍና ከአፍንጫው ግን የሚወጣ የሚገባ አየር የለም። ይህ ጸጥታ 10 ሰከንድ ከሞላ አንድ የትንፋሽ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል፤ ግማሽ ደቂቃ የሚቆይም አለ። ከዚያ ሰውየው እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ በኃይል ይተነፍሳል፣ ገልበጥ ይላል፣ ማንኮራፋቱም እንደገና ይጀምራል። በሰዓት 5 ጊዜ ሲደርስ ሕመም መባል ይጀምራል፤ ከ30 በላይ ሲሆን ከባድ ነው። በእያንዳንዱ መቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ይህም የአንጎልን የደም ሥሮች ያሰፋል። አንጎልም ሰውየውን ከሞት ለማትረፍ ለአፍታ ይቀሰቅሰዋል። እሱ መንቃቱን አያስታውስም፤ «ስምንት ሰዓት ተኝቼ ለምን ደከመኝ?» የሚለው ለዚህ ነው። ራስ ምታቱን የሚያመጣው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ሐኪሞች አሁንም ይከራከራሉ። ሌሊት ትንፋሹ ሲስተካከል ግን ብዙዎች ከጠዋቱ ራስ ምታት ይገላገላሉ።

በዚህ አካባቢ ነገሩን የሚሸፍነው ቡና ብቻ አይደለም፤ ጫትም አለበት። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይላል። ቢራውና አረቄው እንቅልፍ ያመጡ ይመስላሉ፣ ግን የጉሮሮውን ጡንቻ ከወትሮው ይበልጥ ያላሉታል፣ አንጎሉም መታፈኑን ዘግይቶ እንዲሰማ ያደርጉታል፤ ስለዚህ መቋረጡ ይበዛል፣ ይረዝማልም። እንደታነቀ ሆኖ ሲባንን ደግሞ «ዱካክ ነው» ይባላል። ዱካክ ጫት ቃሚዎች በሕልማቸው የሚያዩት የሚያስፈራ ነገር ነው፣ እውነትም አለ፤ ነገር ግን ሕልም ያላየ፣ ትንፋሽ አጥሮት ብቻ በተደጋጋሚ የሚባንን ሰው ዱካክ ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በማግስቱ ድካሙን ለማባረር እንደገና ይቅማል፤ ጫቱ እንቅልፉን ይደብቀዋል እንጂ አይከፍልለትም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ የግቤን ቁልቁለት መሪ ይዞ የሚወርድ ሹፌር ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፤ «ያንኮራፋ ሁሉ ታሞ ቢሆን አገሩ ሁሉ በሽተኛ በሆነ!» እውነቱን ነው፤ ከሚያንኮራፉት አብዛኞቹ ስሊፕ አፕኒያ የለባቸውም። የጠዋት ራስ ምታትም ለብቻው ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ሌሊት ጥርስ ማፋጨት፣ ድብርት፣ በየቀኑ ማስታገሻ መዋጥ ራሱ ያመጡታል። ከሁሉም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ከሰሉ ነው። በክረምት ለሙቀት ተብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካደረ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የቤቱን ሰው ሁሉ ይመርዛል። ምልክቱ ራስ ምታቱ አንድ ሰው ላይ አለመቅረቱ ነው፤ ልጆቹም ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ደጅ ሲወጡ ይሻላቸዋል። ይህ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በሩን ከፍቶ ሁሉንም አውጥቶ በቀጥታ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እኔ የምከራከረው በከሰል ላልተሳበበ፣ ከማንኮራፋትና ከቀን እንቅልፍ ጋር ለሚመላለስ ራስ ምታት ነው።

እንዴት እንደሚመዘን በምሳሌ እንየው። የ52 ዓመት የአጋሮ ቡና ነጋዴ እናስብ። በር ተዘግቶ ይሰማል ማንኮራፋቱ፤ 1 ነጥብ። ሚዛኑ ፊት ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ 1። ባለቤቱ ትንፋሹ ሲቆም አይታለች፤ 1። ደም ብዛት አለበት፣ ሁለት መድኃኒት እየወሰደም አልወረደለትም፤ 1። ዕድሜው ከ50 በላይ ነው፤ 1። የአንገቱ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ 42 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከ40 ስለሚበልጥ 1። ወንድ ነው፤ 1። ውፍረቱ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ስላልደረሰ በዚያ ነጥብ የለውም። ከ8 ጥያቄ 7 አገኘ። ስቶፕ ባንግ የሚባለው ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ለሕክምና የቀረበ ሲሆን 5 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ስጋቱ ከፍተኛ ነው። እርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው የሌሊት ምርመራ ነው፤ መጠይቁ ማን ቶሎ መመርመር እንዳለበት ያሳያል። ከዝርዝሩ ደም ብዛቱን ልብ ይሏል። ሰዎች «ራሴን ያመመኝ ደም ብዛት ስላለብኝ ነው» ይላሉ፤ መጠነኛ ደም ብዛት ግን ብዙውን ጊዜ ራስ አያሳምምም። በየሌሊቱ መታፈኑ ራሱ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ደም ብዛቱም ራስ ምታቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጭን ሰው አይያዝም የሚለውም ልክ አይደለም፤ መንጋጋው ወደኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ሳይወፍርም ይያዛል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «መመርመሪያውም መሣሪያውም በቀላሉ ካልተገኘ ማወቁ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ዋናው ሕክምና ሲፓፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ ኮሊን ሱሊቫን ያቀረበው፣ አየርን በጭምብል እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ። ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል። ነገር ግን ያለ እሱም የሚሠራ ነገር አለ። በጀርባ ሲተኛ ብቻ የሚብስበት ሰው በጎኑ መተኛቱ መቋረጡን ይቀንስለታል። ማታ መጠጥ መተው ወዲያው ለውጥ ያመጣል፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒንም ያለ ሐኪም መውሰድ አይገባም። ከክብደት አንድ አሥረኛውን መቀነስ መቋረጡን በአማካይ በሩብ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። የማይጠቅመው በባህል እንጥል ማስቆረጥ ነው፤ ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል፣ ጉሮሮው ግን ወደ ታች፣ ከምላስ ሥርም ስለሚዘጋ መቋረጡ ይቀራል። ቶንሲል የሚመረምረው ከአንገት በላይ ሐኪም ነው፤ ለዚህም ሆነ ለቀሪው ምርመራ የደቡብ ምዕራቡ ሪፈራል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብ ነው።

ሐኪሙ ፊት የሚባለው ነገር ለውጥ ያመጣል። «ጠዋት ራሴን ያመኛል» ብቻ ያለ ሰው ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። ይልቅ ባለቤቱ ሌሊት በስልኳ ጥቂት ደቂቃ ትቅዳው፤ ማንኮራፋቱ፣ ጸጥታው፣ መንፈራገጡ እንዲሰማ። እሱ ደግሞ ለሁለት ሳምንት በወረቀት ይጻፍ፤ ሲነሳ አመመው ወይ፣ ስንት ሰዓት ላይ ለቀቀው፣ ከቡና በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ቀን የት ላይ አንቀላፋ። ቀን ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ «ደህና ነህ» ቢለውም አይዘናጋ፤ ንቁ ሆኖ ሲተነፍስ ቁጥሩ ትክክል ነው። መለካት ያለበት ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሲያድር ነው፤ ይህን ሐኪሙን ይጠይቀው።